ባትሪው ጎድሏል ወይስ አርጅቷል? የስታርት-ስቶፕ ምልክት ሲሰረዝ

ጥያቄ፦ «መኪናዬ 4 ዓመት ሆኗታል። ድሮ ፍሬን ይዤ ስቆም ሞተሩ ይጠፋና አረንጓዴዋ A ትበራ ነበር። ከ3 ሳምንት ወዲህ ግን ሰረዝ ያለባት ብርቱካናማ A ነች የምትመጣው፤ ቆሜም ሞተሩ አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። መካኒኩ ባትሪ ቀይር አለኝ። ባትሪው ኤጂኤም፣ 70 አምፔር-ሰዓት ነው። እውነት ሞቷል?»

መልስ፦

አልሞተም፤ ጠዋት በአንድ ቁልፍ የሚያስነሳ ባትሪ ሞቷል አይባልም። ደህና ነው ለማለት ግን ገና ነው። ምልክቱ የሚነግርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናው ሞተሩን አሁን ቢያጠፋው መልሶ ለማስነሳቱ እርግጠኛ አይደለም። ባትሪው የዚህ ምክንያት ከሆነ ሁለት ዕድል አለ። አንደኛው ጎድሏል፤ ማለትም የሚይዘው መጠን እንዳለ ነው፣ ግን አልሞላም። ሁለተኛው አርጅቷል፤ ቢሞላም የሚይዘው መጠን ቀንሷል። የጎደለውን ቻርጀር ይመልሰዋል፣ ያረጀውን ግን ምንም አይመልሰውም። መብራቱ ሁለቱን ለይቶ አያሳይም፤ መካኒክዎም ካልለካ ሊለየው አይችልም። በጥቂት ቀናት፣ በመልቲሜትር፣ በቻርጀርና በአንድ አምፖል እርስዎ ራስዎ መለየት ይችላሉ።

ከዚያ በፊት ጉዳዩ የባትሪ መሆኑን ከሁኔታው መገመት ይቻላል። ሞተሩ ገና ካልሞቀ፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ካቢኑን ለማቀዝቀዝ እየታገለ ከሆነ፣ መሪው በብዛት ከተጠመዘዘ፣ ቀበቶ ካልታሰረ ወይም የናፍጣ መኪና የጭስ ማጣሪያውን እያቃጠለ እያጸዳ ከሆነ ስታርት-ስቶፕ ለጊዜው ይታገዳል። እነዚህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፉ ናቸው። በሞቃት ቀትር ብቻ የሚታገድና ማታ የሚሠራ ከሆነ ምክንያቱ ኤር ኮንዲሽነሩ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ ተመልሶ በማግስቱ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ነው። በሞቃትም በቀዝቃዛም፣ በአጭርም በረጅም ጉዞም ጨርሶ የማይመለስ ከሆነ ያረጀ ባትሪ፣ ወይም ደግሞ ጭራሽ ከባትሪው ውጪ ያለ ብልሽት ይጠረጠራል። ከነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የኮፈኑ ማብሪያ ነው። ማብሪያው ከቆሸሸ ወይም ከላላ መኪናው ኮፈኑ ክፍት ነው ብሎ ያስባል፤ እጁን ሞተሩ ውስጥ ያስገባ ሰው ሊኖር ስለሚችል ደግሞ ሞተሩን በራሱ አያስነሳም። ሞተሩን በራሱ ማስነሳት ካልቻለ አያጠፋውምም። የ OFF ቁልፉ በስህተት ተነክቶ እንደሆነም አስቀድመው ይዩ፤ በአንዳንድ መኪና ላይ እሱም ተመሳሳይ ብርቱካናማ ምልክት ነው የሚያበራው።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። መኪናው ስለ ባትሪው የሚያውቀው በኔጌቲቭ ተርሚናሉ ላይ በተገጠመ ትንሽ ሴንሰር አማካይነት ነው። የሚገባውና የሚወጣው ከረንት ሁሉ በዚህ ሴንሰር ውስጥ ያልፋል፤ ሴንሰሩም ከረንቱን፣ ቮልቴጁንና የባትሪውን ሙቀት ይለካል። የገባውን እየደመረ፣ የወጣውን እየቀነሰ ባትሪው ስንት በመቶ እንደሞላ ያሰላል። ይህ ስሌት ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ስለሚሳሳት መኪናው ለሰዓታት ተኝቶ ሲያድር ያረፈውን ቮልቴጅ አንብቦ ሂሳቡን ያርማል። በተጨማሪ ሞተሪኖው በዞረ ቁጥር ቮልቴጁ ምን ያህል እንደወረደ ይመዘግባል፤ ከዚህም ተነስቶ የሚቀጥለው ማስነሳት ላይ እስከ ስንት እንደሚወርድ ይተነብያል።

ጠዋት በአንድ ቁልፍ የሚነሳው መኪና መንገድ ላይ ሞተሩን ለማጥፋት እምቢ የሚለው በዚህ ትንበያ ምክንያት ነው። ጠዋት ቆሞ ያደረ መኪና ሲነሳ ቮልቴጁ ወደ 9 ቢወርድ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ሬዲዮው ለአፍታ ጠፍቶ ቢበራ ማንም አያስተውለውም። በመኪኖች መሃል ቆመው ሞተሩ በራሱ ሲነሳ ግን የኤሌክትሪክ መሪው፣ የፍሬኑ ኮምፒውተርና የፊት መብራቱ ሳይቋረጡ መሥራት አለባቸው። ስለዚህ ለዚያኛው ማስነሳት የተቀመጠው መስፈርት ከጠዋቱ በጣም ይበልጣል። ልኩ ከአምራች አምራች ቢለያይም በብዙ መኪኖች ሙላቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ባለው ክልል ከወረደ ስታርት-ስቶፕ ይታገዳል። ተራ ባትሪ በ40 በመቶም ሞተር ያስነሳል። ምልክቱ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ የሚሆነው በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል ባለው ሰፊ ርቀት ምክንያት ነው፤ ከእገዳው በኋላ ወራት ሙሉ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና ብዙ ነው።

ባትሪ እንዴት እንደሚጎድል በሂሳብ ብናየው ይቀላል። ቀን 2 ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ይነዳሉ፤ በጠቅላላው 12 ጊዜ ይቆማሉ፣ በየቁሙም ሞተሩ ለ40 ሰከንድ ይጠፋል እንበል። ሞተሩ ጠፍቶ መብራት፣ ማራገቢያና ኮምፒውተሮች 30 አምፔር ቢወስዱ በቀኑ ውስጥ 4 አምፔር-ሰዓት ይወጣል ማለት ነው። ሞተሪኖው 12 ጊዜ ሲዞር የሚወስደው ግን ግማሽ አምፔር-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ 200 አምፔር ቢስብም ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚስበው። ብዙ ሰው ባትሪውን የሚጨርሰው የማስነሳቱ ብዛት ይመስለዋል፤ የሚጨርሰው ሞተሩ ጠፍቶ የሚቆምበት ጊዜ ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር የሚስበውንና በር ሲከፈት የሚነቃቃውን ጨምረን የቀኑ ወጪ 6 አምፔር-ሰዓት ይሁን። ሞተሩ የሚሠራባቸው 22 ደቂቃዎች ብቻ ናቸው፤ በአማካይ 15 አምፔር ቢገባ ገቢው 5.5 ነው። በየቀኑ ግማሽ ይጎድላል፣ በወር 15 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። በዚያ ላይ የዘመኑ ዲናሞ ባትሪውን እስከ ጫፍ አይሞላውም። ፍሬን ሲያዝ የሚገኘውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዲኖር በብዙ መኪኖች 80 በመቶ አካባቢ ላይ ሆን ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ባትሪው ከእገዳው መስመር እምብዛም ሳይርቅ ነው የሚውለው።

ከዚሁ ሂሳብ ለእርስዎ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ነገር ይወጣል። ስታርት-ስቶፕ ሲታገድ የ4 አምፔር-ሰዓቱ ወጪ ይቆማል፤ ሞተሩም 30 ደቂቃውን ሙሉ ስለሚሠራ ገቢው 7.5 ይሆናል። ጤነኛ ሆኖ የጎደለ ባትሪ በዚህ አካሄድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ስለዚህ ምልክቱ መጣ ሄደ ማለት አለበት። የእርስዎ ግን 3 ሳምንት ሙሉ አልተመለሰም። ይህ ወደ እርጅና ያዘነብላል፤ ካልሆነም መኪናው ተኝቶ ሳለ ባትሪውን የሚያፈስ ነገር አለ፤ አለበለዚያ ሴንሰሩ ተሳስቷል። መካኒክዎ ልክ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግን ግምት ነውና እንለካው።

ስለ እርጅናው አንድ ነገር ልጨምር። የእርሳስ ባትሪ ኃይል ሲሰጥ በፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ቶሎ ሲሞላ ይህ ሰልፌት ይሟሟል። ሳይሞላ ለሳምንታት ሲቆይ ግን ክሪስታሎቹ እያደጉ ይጠነክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ አይፈታቸውም፣ የተያዘው የፕሌት ክፍልም ከሥራ ውጪ ይሆናል። በቋሚነት የጎደለ ባትሪ ቶሎ የሚያረጀው ለዚህ ነው፤ ጉድለቱ ራሱ እርጅናን ይወልዳል። ኤጂኤም አሲዱን በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ ስለሚይዝ ይህን ከተራ ባትሪ የተሻለ ይቋቋማል፤ ጠላቱ የሞተር ክፍል ሙቀት ነው፣ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ ውኃ ሊጨመርበትም አይቻልም።

ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት የሚታይ ሌላ ፍንጭም አለ፤ ወደ ኋላ አስታውሰው ይመልከቱ። ቀድሞ 2 ደቂቃ ጠፍቶ ይቆይ የነበረው ሞተር ከመታገዱ በፊት ባሉት ወራት ከ20 ወይም ከ30 ሰከንድ በኋላ እርስዎ ፍሬን ሳይለቁ በራሱ ይነሳ ነበር? ያረጀ ባትሪ መብራትና ማራገቢያ ብቻ ተሸክሞ እንኳ ቮልቴጁ ቶሎ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም ሳይዘገይ ሞተሩን ያስነሳዋል። የጠፍቶ-መቆያ ጊዜው በወራት ውስጥ እያጠረ ከመጣ የእርጅና ነው። በድንገት ከቆመ ግን የጉድለት ወይም የሌላ ብልሽት ነው።

ወደ ልኬቱ እንሂድ። ማታ መኪናውን ካቆሙ በኋላ ኮፈኑን ይክፈቱና የኮፈኑን መቆለፊያ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ገፍተው ይዝጉት፤ መኪናው ኮፈኑ ተዘግቷል ብሎ ይተኛል። በሮቹን ዘግተው ይቆልፉ፣ ቁልፉን ከመኪናው ያርቁ። ጠዋት ምንም በር ሳይከፍቱ የመልቲሜትሩን ጫፎች ከሽቦው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ምሰሶ ላይ ያሳርፉ። በር ከፍተው ቢለኩ መኪናው ነቅቶ ከ0.1 ቮልት በላይ ያሳስትዎታል። ለኤጂኤም 12.8 ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.5 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከአምራች አምራች ስለሚለያዩ በ0.05 ቮልት ልዩነት አይፍረዱ። ልኬቱ 12.35 ሆነ እንበል፤ ወደ 60 በመቶ ነው። እገዳው ልክ ነበር፤ የጎደለው መጠን በወረቀት ላይ 28 አምፔር-ሰዓት ነው።

አሁን ቻርጅ ያድርጉ። ቻርጀሩ የኤጂኤም ምርጫ ያለው ይሁን፤ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከ14.4 እስከ 14.8 ውስጥ ይሁን፤ ከ15 በላይ የሚያወጣ «የማደሻ» ዙር ካለው አይጠቀሙበት። ቀዩን መቆንጠጫ በፖዘቲቩ ላይ ያድርጉ። ጥቁሩን ግን በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ በፍጹም አያድርጉ፤ በሻንሲው ወይም በሞተሩ ላይ ባለ ባዶ ብረት ላይ ያድርጉ። ምሰሶው ላይ ካደረጉት ከረንቱ ሴንሰሩን ሳይነካ ያልፋል። ባትሪው ሞልቶ ሳለ መኪናው አሁንም ጎዶሎ ነው ብሎ ያምናል፤ «ቻርጅ አድርጌው እንኳ አልተመለሰም» ተብሎ ደህና ባትሪ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቻርጀሩ ሲሠራ ሰዓት ይያዙ። በ7 አምፔር ቻርጀር 28 አምፔር-ሰዓት ለመመለስ ከመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ከረንቱ እየቀነሰ ሌሊቱን ያልቃል። ሰዓት ተኩል ሳይሞላ «ሞልቷል» ካለዎት ደስ አይበልዎ። ጎድሎ የነበረ ባትሪ እንዲህ ቶሎ የሚሞላው የሚይዝበት ቦታ ስለጠበበ ወይም የውስጥ ሬዚስታንሱ ስላደገ ነው፤ ሁለቱም እርጅና ናቸው።

ከቻርጅ በኋላ እንደገና ቆልፈው ያሳድሩትና ይለኩ። ከ12.7 በታች ካነበቡ አልያዘም። 12.85 ካነበቡ ሞልቷል፤ ግን ስንት እንደያዘ ቮልቴጁ አይነግርዎትም፤ ሙሉ ኩባያም ሙሉ በርሜልም ሙሉ ናቸው። የሚይዘውን መጠን ለማወቅ የታወቀ መጠን ማውጣት ያስፈልጋል። 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት አምፖል በሽቦ ያዘጋጁ፤ አንዱን ጫፍ በፖዘቲቩ፣ ሌላውን በሻንሲው ላይ ያድርጉ። ሻንሲው ላይ የሚሆነውን ጫፍ መጨረሻ ያያይዙት፣ ከባትሪው ራቅ አድርገው፤ ብልጭታ ከባትሪው አጠገብ አይፈለግም። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ብረት ላይ ያሳርፉት፣ ፕላስቲክም ሽቦም አይንካው። በባትሪ ብቻ ሲበራ 4 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ መልቲሜትርዎ 10 አምፔር የሚያነብ ከሆነ በመስመሩ አስገብተው ትክክለኛውን ቁጥር ይያዙ። በ5 ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት ወጣ ማለት ነው። አጠገቡ ሆነው ይጠብቁት፤ አምፖሉ እየበራ ቮልቴጁ ከ11.8 ከወረደ ወዲያው ያላቅቁት፤ ፈተናው በራሱ ተመልሷል፣ ባትሪው አርጅቷል።

አምፖሉን ካነሱ በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት አሳርፈው ይለኩ። ባትሪው እውነት 70 ከያዘ 50 ቀርቶታል፣ 70 በመቶ ያህል ነው፤ ከ12.45 እስከ 12.5 ያነባሉ። 12.35 ካነበቡ 60 በመቶ ነው የቀረው፤ 20ው 40 በመቶውን ወሰደ ማለት ስለሆነ ጠቅላላ አቅሙ ወደ 50 ወርዷል። 12.2 ካነበቡ 20ው ግማሹን ወሰደ፤ አቅሙ 40 ብቻ ነው። በ50 ባትሪው ከተስተካከለ አነዳድ ጋር የተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ በ40 ግን ስታርት-ስቶፕ ባለው መኪና ላይ ዕድሜው አልቋል፣ መቀየር ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ባትሪውን በዚያው ቀን መልሰው ይሙሉት፤ ባትሪው ለፈተናው ሲባል ጎድሎ አድሮ መጎዳት የለበትም።

ጋራዥ ውስጥ በእጅ የሚያዘው ቴስተር ለምን አይበቃም የሚል ይኖራል። ያ መሣሪያ ሞተር የማስነሳት ጉልበቱን ከውስጥ ሬዚስታንሱ ተነስቶ ይገምታል እንጂ የሚይዘውን መጠን አይለካም። ጥሩ ጉልበት አሳይቶ አቅሙ ግማሽ የሆነ ባትሪ አለ፤ የእርስዎም በአንድ ቁልፍ የሚያስነሳው ከዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ባትሪው ጎድሎ ሳለ ከተለካ ደግሞ ውጤቱ ከእውነቱ የከፋ ይሆናል። መካኒክዎ እንዲለካ ካደረጉ ከሙሉ ቻርጅ በኋላ ይሁን፤ መሣሪያው ላይም ኤጂኤም ይመረጥ። ዲናሞውንም ሞተሩ በቆመበት እየሠራ 12.7 ወይም 13 ስላነበበ ብቻ ተበላሽቷል እንዳይሉት፤ የዚህ ዓይነቱ መኪና ዲናሞ እንደ ሁኔታው ሆን ብሎ ይወርዳል። ጋዝ ሲለቀቅና መኪናው በማርሽ ላይ እየቀነሰ ሲሄድ ከ14 በላይ ከወጣ ይሠራል።

ፈተናው አቅሙ ደህና ነው ካለ፣ አረንጓዴዋ Aም ከሙሉ ቻርጅ በኋላ ተመልሳ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከጠፋች የሚያፈሰውን ይፈልጉ። መኪናው ተቆልፎ አንድ ሰዓት ከተኛ በኋላ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ መሳብ የለበትም። ግማሽ አምፔር የሚስብ ከሆነ በቀን 12 አምፔር-ሰዓት ይፈሳል፤ አዲስ ባትሪም ቢሆን በሳምንት ውስጥ እዚያው ደረጃ ላይ ይደርሳል። በኋላ የተገጠመ ካሜራ፣ ማንቂያ ደውልና መከታተያ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሽቦዎቻቸው በቀጥታ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ ከታሰሩ ደግሞ ሴንሰሩ ፍሳሹን ጨርሶ አያየውም፤ ሂሳቡም ይዛባል፤ ወደ ሻንሲ ያዛውሯቸው።

መቀየር ካለበት ኤጂኤምን በኤጂኤም ብቻ ይተኩ፤ ርካሹ ተራ ባትሪ በዚህ ሥራ ቶሎ ይወድቃል። ብዙ መኪኖች አዲሱን ባትሪ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ማስመዝገብ ይፈልጋሉ፤ ካልተመዘገበ መኪናው አሁንም ያረጀውን እንደያዘ ቆጥሮ ቻርጁንና እገዳውን በዚያ ይመራል። ባትሪው ሲነቀል ሴንሰሩ ትዝታውን ስለሚያጣ በመጀመሪያው ቀን ስታርት-ስቶፕ ባይሠራ አይደንግጡ፤ አንድ ሁለት ሌሊት ሳይነካ ተኝቶ ቮልቴጁን ካነበበ በኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላም ካልተመለሰ ሌላ ባትሪ አይግዙ፤ የሴንሰሩን ሶኬት፣ የኮፈኑን ማብሪያና መኪናው ሁለተኛ ትንሽ ባትሪ ካለው እሱን ያስፈትሹ።